ለናሆም

የተከበራችሁ የናሆም ቤተሰቦች፣ መምህሮቻችን፣ ጓደኞቼ፤

ናሆም ሒሳብ የሚያስረዳን ልጅ ነበር። መልሱን ግን አይነግረንም። እርሳሱን ለባለቤቱ ይመልስና «እስከ የት ድረስ ገባህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ መስመር በመስመር ወደ ኋላ ይሄዳል። ከቅንፍ በፊት የመቀነስ ምልክት ሲኖር የመጀመሪያውን ቁጥር ምልክት ብቻ ቀይረን የሌሎቹን እንደምንረሳ ያሳየን እሱ ነው። ሰሌዳ ላይ ሲሠራ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እንዲከተለው ብሎ አንድ ደረጃ እንኳ አይዘልም ነበር።

ሳቁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእረፍት ሰዓት ብቻውን የቆመ አዲስ ተማሪ ሲያይ ኳሱን መጀመሪያ ያቀብለዋል፤ ስሙን የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ከሚያለቅሱት መካከል ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የተዋወቁት።

የናሆም እናትና አባት፣ ልጃችሁን በጣም እንወደው ነበር። ደብተሮቹን ሰብስበን አምጥተንላችኋል። ጠርዛቸው ላይ ለእኛ ሲያስረዳ የጻፋቸው ነገሮች አሉ፤ የእናንተ ናቸው።

ጓደኞቼ፣ ማልቀስ ያማራችሁ አልቅሱ። ክፍል መቀመጥ የከበደው ሰው ካለ ወደ አማካሪያችን ቢሮ ይሂድ፤ ብቻውን ግን አትልቀቁት፣ አንዳችን አብረን እንሂድ።

ናሆም፣ እንወድሃለን። ነፍስህን ይማርልን።