ጉዳዩ፦ የወጪ ማስረጃ ስለማቅረብ

ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፍኖተ ሰላም ከተማ አስተዳደር ገቢዎች ጽህፈት ቤት
ፍኖተ ሰላም

ጽህፈት ቤታችሁ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ፣ በ2017 የግብር ዘመን ሂሳቤ ላይ በወጪነት ያስመዘገብኩትን ብር 304,000 የሚደግፍ ደረሰኝ እንዳቀርብ ጠይቆኛል። ደብዳቤው የደረሰኝ ጥቅምት 3 ቀን ነው። በእጄ ያለውን ሁሉ ከዚህ ጋር አያይዤ አቅርቤያለሁ።

የሱቅ ኪራይ በወር ብር 4,000፣ በዓመት ብር 48,000 ሲሆን የኪራይ ውሉና የአስራ ሁለቱ ወራት የባንክ ገቢ ወረቀት ተያይዟል። የመብራት ወጪዬ ብር 6,240 ነው። ቆጣሪው ለሱቁና ለመኖሪያ ቤቴ አንድ በመሆኑ ያስመዘገብኩት የቢሉን ግማሽ ብቻ ነው። ለጫኝና አውራጅ የከፈልኩት ብር 3,600 ተቀባዮቹ የፈረሙበት የክፍያ ወረቀት አለው።

የሸቀጥ ግዢው ብር 214,660 ሲሆን በ14 ደረሰኞች የተደገፈ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብር 38,750 የሚያወጡት ሦስት የካሽ ሬጂስተር ደረሰኞች ጽሑፋቸው ለቋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መስኮቱ አጠገብ ምስማር ላይ ሰክቼ አስቀምጫቸው ፀሐይ በላቸው። የሁለቱ ቀንና የማሽን ቁጥር ወደ ብርሃን ዘንበል ሲደረግ ይነበባል፤ ሦስተኛው ግን ነጭ ወረቀት ሆኗል። ደብረ ማርቆስ ወዳለው አከፋፋይ ሄጄ የሦስቱንም ሽያጭ በማህተም የተረጋገጠ ኮፒ አምጥቻለሁ። ዋናዎቹንም፣ ባዶውን ጨምሮ፣ አልጣልኳቸውም፤ አብረው ተያይዘዋል። በማህተሙ ጥርጣሬ ካለ ከሻጩ የሽያጭ መዝገብ ጋር እንዲመሳከርልኝ እጠይቃለሁ።

የትራንስፖርት ወጪ ብዬ ካስመዘገብኩት ብር 31,500 ውስጥ ለብር 23,900 በስሜ የተቆረጠ ደረሰኝ አለኝ። ቀሪው ብር 7,600 የእኔ ዕቃ ከሌሎች ነጋዴዎች ዕቃ ጋር በአንድ አይሱዙ ሲመጣ ያዋጣሁት ሲሆን፣ ደረሰኙ የተቆረጠው በአንደኛው ነጋዴ ስም ነው። ገንዘቡን ከፍያለሁ፤ ነገር ግን በሰው ስም የተቆረጠ ደረሰኝ የእኔ ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ስለማውቅ ከወጪዬ እንዲቀነስ ተስማምቻለሁ። በዚህ መሠረት ወጪዬ ብር 296,400 ሆኖ እንዲያዝልኝና በልዩነቱ የሚመጣው ግብር እንዲሰላልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

የደረሰኞቹን ዋና ቅጂ ለማመሳከር ይዤ ስለምቀርብ፣ ከቅዳሜ በስተቀር በፈለጋችሁት ቀን ብትጠሩኝ እመጣለሁ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሱቁን የምተውለት ሰው የለኝም።

ከሰላምታ ጋር

ባንቺአየሁ ደሴ
የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ባለቤት፣ የደረጃ «ለ» ግብር ከፋይ

አባሪ፦ የኪራይ ውልና 12 የባንክ ወረቀት፣ የመብራት ቢሎች፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያ ወረቀቶች፣ 14 የግዢ ደረሰኞች፣ 3 ማህተም ያረፈባቸው ኮፒዎች፣ የትራንስፖርት ደረሰኞች