ስለ ጣሪያው ነገር

እትዬ እንደምን ዋሉ፣ ጤናዎት እንዴት ነው፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልደውልልዎት አስቤ ስራ ላይ ይሆናሉ ብዬ ነው በቴክስት የመጣሁት።

ማክሰኞ ማታ ከጣና በኩል ያ ኃይለኛ ንፋስ ተነስቶ ዝናብ ሲጥል መኝታ ቤቱ ማፍሰስ ጀመረና ሳፋ ደቅነን አልጋውን ወደ በሩ ስበን ነው ያደርነው፣ ኮርኒሱም እዛ ጋ ጠቁሮ አብጧል፣ ደግሞ የሚያፈሰው አምፖሉ አጠገብ ስለሆነ ውሃው የመብራት ገመዱን እንዳይነካው በጣም ፈርቻለሁ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ የዛን ክፍል መብራት አላበራሁም። ትንሿ ልጄም ብርድ መቷት ሰንብታለች።

በነጋታው ከጎረቤት መሰላል ተውሼ አየሁት፣ ሁለት ቆርቆሮ ዝጎ ተበስቷል፣ የሚስማሮቹም ጎማ አልቆ ላልተዋል። ሌላው ደህና ነው፣ ሙሉ ጣሪያ መቀየር ሚያስፈልገው አይመስለኝም። ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ።

አሁን ግንቦት አጋማሽ ነው፣ ሰኔ ከገባ ደግሞ የባህር ዳርን ክረምት ያውቁታል፣ አናጢም እንደልብ አይገኝም። እባክዎት እትዬ ወሩ ሳያልቅ ቢያሰሩልን። እርስዎም አዲስ አበባ ስለሆኑ ሰው መፈለጉ ካስቸገረዎት እዚሁ ሽንብጥ የማውቀው አናጢ አለ፣ ዋጋውን ጠይቄ እነግርዎታለሁ፣ ከተስማሙ እኔ አሰርቼ የቆርቆሮውን ደረሰኝ ልላክልዎትና ከሰኔ ኪራይ ላይ ይቀነስ፣ ካልሆነም እርስዎ እንዳሉት። ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ቀን ቤት ነኝ፣ የሚልኩት ሰው ካለ ቀድመው ይንገሩኝ። ለአባባም ሰላም በሉልኝ።