ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይቭ እንገባለን፦ ስኳር ያለበት ሰው ፍልሰታን እንዴት ይጹም?

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ፍልሰታ ደረሰ። ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሲስተር፣ ስኳር አለብኝ፤ መጾም እችላለሁ?» ለሁላችሁም በአንድ መስመር መመለስ አልቻልኩም። የአንዱ መልስ ለሌላው አይሆንምና። ስለዚህ ቁጭ ብለን እናውራበት።

የፊታችን ቅዳሜ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ በዚሁ ገጽ ላይቭ እንገባለን። አብራኝ የምትሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም አብራን ትኖራለች። ጾሙ የሚገባው ዓርብ ነሐሴ 1 ነው። ቅዳሜን የመረጥነው፣ መድኃኒት ማስተካከል የሚያስፈልገው ሰው ሰኞም ማክሰኞም ክትትሉ ጋ ሄዶ እንዲደርስበት ብለን ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ «2 ሰዓት» ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ባለፈው ብዙ ሰው በዚህ ተሳስቶ ካለቀ በኋላ ነው የገባው። በፈረንጅ ሰዓት ዋሽንግተንና አካባቢው ቅዳሜ ከቀኑ 1 ሰዓት፣ ሎስ አንጀለስ ከጠዋቱ 10 ሰዓት፣ ለንደን ከምሽቱ 6፣ ጀርመን 7፣ እስራኤልና ሳዑዲ 8፣ ዱባይ 9 ሰዓት ይሆናል።

አሁን ለምን ይሄን ርዕስ እንደያዝን ልንገራችሁ።

አምና ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት እናት በልጃቸው ተደግፈው ክሊኒክ መጡ። ነጠላቸው በላብ ርሷል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስማቸውን ስጠይቃቸው የልጃቸውን ስም ነገሩኝ። ጣታቸውን ወግቼ ስለካ 41 አለ። ከ70 በታች ሲሆን ነው «ስኳር ወርዷል» የምንለው፤ 41 ደግሞ አደጋ ነው። ስኳር በውኃ በጥብጬ ብርጭቆውን ሳስጠጋላቸው አፋቸውን ገጠሙ። «ጾሜን አታስፈቱኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ልጃቸው እያለቀሰ ለመናቸውና ጠጡ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ፊታቸው ተመለሰ። ይሄን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ እንዲያውም «ንገሪያቸው» ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ምን ሆነው ነበር? ጠዋት እንደወትሮው ግሊቤንክላማይዳቸውን ውጠዋል። ከዚያ ቅዳሴ እስኪወጣ ምንም አልቀመሱም። ይሄ መድኃኒት ቆሽትን «ኢንሱሊን አምጪ» እያለ ይጎተጉታል። እናንተ ብሉ አትብሉ እሱ አያውቅም። ሥራውን ይሠራል። ሆድ ባዶ ከሆነ ስኳሩ ቁልቁል ይሄዳል። ኢንሱሊን የሚወጉም እንደዚሁ ነው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ግን ስኳሩ እንዲህ የመውረድ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። «ጎረቤቴ ስኳር አለባት፣ ጾማ ምንም አልሆነችም» የምትሉኝ ሁሉ፣ መጀመሪያ ጎረቤታችሁ የምትወስደውን መድኃኒት ጠይቁልኝ።

እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው። እኒያ እናት ከጾሙ ሁለት ሳምንት በፊት ቀጠሮ ነበራቸው። መጥተዋል፣ ተለክተዋል፣ መድኃኒት ወስደዋል። እንደሚጾሙ ግን አልነገሩንም። «ትከለክሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ» አሉኝ በኋላ። እውነታቸውን ነው፤ ብዙዎቻችን ባለሙያዎች ሳንሰማ እንቆጣለን። ሰውም ይደብቀናል፤ ተደብቆ ይጾማል፤ አንዳንዱ ደግሞ መድኃኒቱን በራሱ ያቆማል። እባካችሁ አትደብቁን። ቅዳሜ ማንንም አንቆጣም። መጾም የሌለበት ሰው አለ፤ ነፍሰ ጡር ሆና ኢንሱሊን የምትወጋ፣ ኩላሊቱ የተጎዳ፣ በቅርቡ ስኳሩ ወርዶ ራሱን የሳተ። ለእነዚህ በግልጽ እንነግራቸዋለን። ለሌላው ግን የመድኃኒት ሰዓትና መጠን ከሐኪሙ ጋር ተስተካክሎ የሚጾምበት መንገድ ይኖራል።

ስለ ምግቡም እናወራለን። የጾም ምግብ ሁሉ ለስኳር ጥሩ ነው የሚል እምነት አለ። ሽሮውና ምስሩ ደህና ነው፣ ጎመኑም እሰየው። ግን ቅዳሴ ወጥቶ ሲገባ ፓስታ በዳቦ፣ በላዩ ጁስ፣ ከዚያ ስኳር የበዛበት ሻይ ከሆነ፣ ቀን የወረደው ማታ 300 ይገባል። ኢንሱሊን ማስቀመጫ ፍሪጅ ለሌላችሁም እርጥብ አሸዋ ውስጥ በሸክላ እንዴት እንደሚቀመጥ ካሜራ ፊት አሳያለሁ፤ ሸክላውን አዘጋጅቻለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን እኛ አንመልስም። «በቆረብኩ ቀን ጣቴን ወግቼ ብለካስ?» የሚለው ደጋግሞ መጥቷል። እሱ የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው። ከጾሙ በፊት ሄዳችሁ ሕመማችሁን ንገሯቸው። ረመዳን የምትጾሙ ወገኖቼም ግቡ፤ የመድኃኒቱ ነገር አንድ ነው።

ጥያቄ አላላክ እንዲህ ነው። እስከ ዓርብ ማታ ድረስ በዚህ ፖስት ሥር ኮመንት ላይ ጻፉ፣ ወይም በገጹ ኢንቦክስ ላኩ። መጻፍ የሚከብዳችሁ በድምፅ ላኩ፤ ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ ደስ ይለኛል። ስትጠይቁ ዕድሜያችሁን፣ ስኳሩ ስንት ዓመት እንደሆነው፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ በስንት ሰዓት እንደምትወስዱት፣ መጨረሻ የተለካችሁትን ቁጥር አስገቡ። የመድኃኒቱን ስም ካላወቃችሁት የማሸጊያውን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ኮመንት ላይ ግን ስልክ ቁጥርና የካርድ ፎቶ አትለጥፉ፤ ሁሉም ያየዋል። የግል የሆነው በኢንቦክስ ይሁን። ላይቭ ላይ ስናነበው ስም አንጠራም።

መጀመሪያ ቀድመው የተላኩትን እንመልሳለን። ከ3 ሰዓት በኋላ በቀጥታ የምትጽፉትን እናያለን። ሁሉንም ላንጨርስ እንችላለን። ኢንሱሊን የሚወጉና ነፍሰ ጡሮች ግን ይቀድማሉ። ኔትወርክ እምቢ ያላችሁ አትጨነቁ፣ ቪዲዮው ገጹ ላይ ይቀመጣል።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ይቺን ብቻ ያዙ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት ከመጣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ተለኩ፤ ካልወጣ ድገሙ፤ ሲሻላችሁ ምግብ ብሉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አታድርጉ። በጎኑ አስተኙትና ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ስኳር ያለባቸው እናትና አባት ያላችሁ፣ ይሄን አንብቡላቸው። ስማርት ስልክ ከሌላቸው ቅዳሜ ማታ አጠገባቸው ሁናችሁ በእናንተ ስልክ ክፈቱላቸው። ጥያቄያቸውንም በራሳቸው ድምፅ ቅዱና ላኩልኝ።

1 ሰዓት ከ50 ላይ ገብተን ድምፅ እንሞክራለን። ቀድማችሁ የገባችሁ ይሰማ እንደሆነ ኮመንት ላይ ጻፉልን።