ሲን ፍለድ ምኑን ነው የሚያጠቃው? ሃንድሼኩን ከውስጥ እንየው

የላብ ሪፖርታችሁን ሳነብ ብዙዎቻችሁ ሲን ፍለድ ማለት ብዙ ፓኬት ልኮ ባንድዊድዝ መጨረስ ነው ብላችሁ ጽፋችኋል፣ ይሄን ከፈተናው በፊት ማስተካከል አለብን። በጣም ቀጭን ኮኔክሽን ያለው ሰው ትልቅ መስመር ያለውን ሰርቨር ሊዘጋ የቻለበት ምክንያት ሌላ ነው፣ እሱ እንዲገባችሁ ደሞ መጀመሪያ ሃንድሼኩ በትክክል መግባት አለበት። ሲን፣ ሲን-አክ፣ አክ የሚሉትን ሦስት ስሞች በቃል መያዝ ብቻ አይበቃም።

ቲሲፒ ዳታ ከመላኩ በፊት ሁለቱም ወገን በአንድ ነገር መስማማት አለባቸው፣ እሱም እያንዳንዱ ባይቱን ከስንት ቁጥር ጀምሮ እንደሚቆጥር ነው። ክላየንቱ የራሱ መነሻ ቁጥር አለው፣ ሰርቨሩም የራሱ አለው፣ ሁለቱም 32 ቢት ናቸው፣ እና አንዱ ቁጥሩን ሲናገር ሌላው "ሰምቻለሁ" ማለት አለበት። እንግዲህ ሁለት ቁጥር እና ሁለት ማረጋገጫ ስለሆነ አራት መልእክት መሆን ነበረበት አይደል፣ ግን ሰርቨሩ ማረጋገጫውን እና የራሱን ቁጥር በአንድ ፓኬት ስለሚልክ ሦስት ሆነ። በቃ ይሄው ነው። እዩት፦

```
tcpdump -n -S port 80

10.0.0.5.51514 > 10.0.0.9.80: Flags [S],  seq 1000
10.0.0.9.80 > 10.0.0.5.51514: Flags [S.], seq 7000, ack 1001
10.0.0.5.51514 > 10.0.0.9.80: Flags [.],  ack 7001
```

(ቁጥሮቹን ለማንበብ እንዲቀሉ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ በእውነተኛው ትራፊክ ለመገመት የሚከብዱ ትልልቅ ቁጥሮች ናቸው። `-S` ያስገባሁት ያለሱ ሦስተኛው መስመር ላይ `ack 1` ብቻ ስለሚያሳያችሁ ነው፣ ብዙ ተማሪ እዚጋ ይደናገራል።) የመጀመሪያው ሲን ነው፣ ሁለተኛው ሲን-አክ፣ ሦስተኛው አክ። 1000 ተልኮ 1001 የተመለሰው ሲን ራሱ ዳታ ባይዝም አንድ ቁጥር ስለሚበላ ነው። "ቀጥሎ የምጠብቀው 1001ን ነው" እያለ ነው።

ሦስተኛው ለምን ያስፈልጋል፣ በሁለት አያልቅም ወይ ብሎ የጠየቀ ተማሪ ነበር፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ኔትወርክ ውስጥ ዘግይቶ የቀረ አሮጌ ሲን ሊኖር ይችላል፣ ክላየንቱ ከረሳው በኋላ ሰርቨሩጋ ይደርሳል፣ በሁለት ቢያልቅ ኖሮ ሰርቨሩ ማንም ያልፈለገውን ኮኔክሽን ከፍቶ ይቀመጥ ነበር። በሦስት ሲሆን ግን ክላየንቱ ያልጠበቀው ሲን-አክ ሲደርሰው አርኤስቲ ይልካል፣ ነገሩ እዛው ይዘጋል። ይሄን አርኤስቲ ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። ሲን ሲመጣ ሰርቨሩ ሲን-አክ ልኮ መጠበቅ አለበት፣ ለመጠበቅ ደሞ ማስታወስ አለበት፤ የክላየንቱን አይፒ፣ ፖርቱን፣ ሁለቱን ቁጥሮች፣ ሲኑ ላይ የመጡትን ኦፕሽኖች (ኤምኤስኤስ፣ ዊንዶው ስኬል፣ ሳክ ምናምን) ሚሞሪ ላይ ይይዛል፣ ኮኔክሽኑም `SYN-RECV` የሚባለው ስቴት ላይ ይቀመጣል። ግማሽ ክፍት የምንለው ይሄንን ነው። ልብ በሉ፣ እስካሁን ሰርቨሩ የሚያውቀው አንድ ፓኬት እንደመጣ ብቻ ነው፣ ላኪው አድራሻ እውነት ይሁን ውሸት ምንም ማረጋገጫ የለውም። ማረጋገጫው ሦስተኛው አክ ነው፣ እሱ ደሞ ገና አልመጣም። ሰርቨሩ ከማረጋገጡ በፊት ሚሞሪ ያወጣል፣ አጥቂው ግን ምንም ማስታወስ የለበትም፣ ልኮ ይረሳል። ሲን ፍለድ የሚያጠቃው ይሄን ሚዛን ያጣ ወጪ ነው።

እነዚህ ግማሽ ክፍት ኮኔክሽኖች የሚቀመጡበት ቦታ፣ ማለትም ኪው፣ ገደብ አለው፣ ሲሞላ አዲስ ሲን ይጣላል፣ የሚጣለው ደሞ የእውነተኛ ተጠቃሚም ጭምር ነው። አንድ ቦታ ለስንት ጊዜ ነው የሚያዘው? ሊኑክስ ላይ `tcp_synack_retries` ዲፎልቱ 5 ነው፣ መጀመሪያ 1 ሰከንድ ይጠብቅና እጥፍ እያደረገ ይሄዳል፦

```
1 + 2 + 4 + 8 + 16 + 32 = 63 ሰከንድ
```

ለምሳሌ 256 ቦታ ያለው መከላከያ የሌለው ሰርቨር ብናስብ፣ 256ን ለ63 ስናካፍል 4 ነገር ይመጣል፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሲን ብቻ እየላኩ ቦታውን ሙሉ አድርጎ ማቆየት ይቻላል። ኦፕሽን የሌለው ሲን ከነአይፒ ሄደሩ 40 ባይት ነው፣ 5 ሲሆን 200 ባይት በሰከንድ። ባንድዊድዝ ነው ያላችሁ ይሄን ስሌት ራሳችሁ ደግማችሁ ስሩት። በ1996 የኒውዮርኩ ኢንተርኔት አቅራቢ ፓኒክስ ላይ የደረሰው ጥቃት ይሄን ነገር ለብዙ ሰው ያሳየ ነው፣ ቲሲፒ ግን በአርኤፍሲ 793 የተጻፈው በ1981 ነበር።

አጥቂው አድራሻውን የሚያስመስለው ለመደበቅ ብቻ አይደለም። የራሱን ወይም የሌላ ሰው አይፒ ተጠቅሞ ያ ማሽን በርቶ ከሆነ፣ ያላዘዘው ሲን-አክ ሲደርሰው ያቺን አርኤስቲ ይልካል፣ ሰርቨሩም ቦታውን ወዲያው ይለቃል፣ ጥቃቱ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚ አጥቂው የሚመርጠው መልስ የማይሰጥ አድራሻ ነው።

መፍትሄ ብላችሁ "ኪውውን ማስፋት" የጻፋችሁ አላችሁ፣ ይረዳል ግን ከላይ ያለውን ማካፈል ብቻ ነው የሚቀይረው፣ አጥቂው ትንሽ ይጨምራል ያልቃል። ትክክለኛው ሀሳብ ሲን ኩኪ ነው፣ ዳንኤል በርንስታይን በዛው በ1996 ያቀረበው፣ እኔ በጣም የምወደው ሀሳብ ነው። ሰርቨሩ ምንም አያስታውስም። ማስታወስ የነበረበትን በራሱ መነሻ ቁጥር ውስጥ ጽፎ ለክላየንቱ ይሰጠዋል! ከ32ቱ ቢት 5ቱ በየ64 ሰከንዱ የሚጨምር ቆጣሪ፣ 3ቱ የኤምኤስኤስ ምርጫ፣ 24ቱ ከአይፒዎቹ ከፖርቶቹ ከቆጣሪው እና ከሚስጥር ቁልፍ የተሰራ ሃሽ ናቸው (የሊኑክሱ አሠራር ትንሽ ይለያል፣ መርሁ ግን ያው ነው)። እውነተኛ ክላየንት ከሆነ ቁጥሩ ላይ አንድ ተደምሮ በአክ ይመለሳል፣ ሰርቨሩ አንድ ቀንሶ ሃሹን ያመሳክራል፣ ከገጠመ ያኔ ነው ሚሞሪ የሚያወጣው። አድራሻ ያስመሰለው ሲን-አኩ ስለማይደርሰው ቁጥሩን አያውቅም።

ዋጋ ግን አለው። 3 ቢት ላይ ዊንዶው ስኬል እና ሳክ አይገቡም፣ ሊኑክስ ታይምስታምፕ ካለ እዛ ውስጥ ይጽፋቸዋል፣ ከሌለ ይጠፋሉ። ለዛ ነው `tcp_syncookies` ዋጋው 1 ሲሆን ኪው ሲሞላ ብቻ የሚሰራው። ሌላው፣ የክላየንቱ አክ መንገድ ላይ ከጠፋ ሰርቨሩ ምንም ስለማያስታውስ ሲን-አኩን ደግሞ አይልክም፣ ክላየንቱ ደሞ ተገናኝቻለሁ ብሎ ያስባል። ኤችቲቲፒ ላይ ክላየንቱ ቀድሞ ስለሚያወራ ሪክዌስቱ አክ ይዞ ይመጣና ይስተካከላል፣ እንደ ኤስኤምቲፒ ሰርቨሩ ቀድሞ የሚናገርበት ፕሮቶኮል ላይ ግን ሁለቱም ዝም ብለው ይጠባበቃሉ። መስመሩን ራሱን የሚሞላ ግዙፍ ፍለድ ከመጣም ኩኪ አያድናችሁም፣ እሱ ከሰርቨሩ በፊት መጣራት ያለበት ሌላ ችግር ነው።

ለቀጣዩ ላብ በራሳችሁ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን መሀል ብቻ (የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ በፍጹም፣ ወንጀል ነው) እነዚህን እያያችሁ ኩኪውን አንዴ 0 አንዴ 1 አድርጉና ምን እንደሚለወጥ ጻፉልኝ፦

```
ss -Htan state syn-recv | wc -l
sysctl net.ipv4.tcp_syncookies
nstat -az | grep -i syncookies
```