የጥምቀት ዝግጅት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ (ከቦርዱ ፎቶ የተገለበጠ)

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 4፡20
ቦታ፦ ጎንደር፣ ፒያሳ፣ የአስጎብኚ ድርጅታችን ቢሮ
የተገኙ፦ ሥራ አስኪያጇ (ሰብሳቢ)፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ሲኒየር አስጎብኚው፣ ጁኒየር አስጎብኚዋ፣ ጋሼ (ሾፌር)፣ እኔ ከቡኪንግ (ጸሐፊ)። ሁለተኛው ሾፌር እንግዳ ሊቀበል አዘዞ ስለሄደ አልተገኘም።

ፎቶውን አያይዣለሁ። በቀይ የተጻፈው የተወሰነ፣ በሰማያዊ የተጻፈው እንዲሁ የተነሳ ሐሳብ ነው። የቀኙ ጥግ የመስኮቱ ብርሃን ስላረፈበት አይነበብም፤ የጎደለውን ከሒሳብ ሠራተኛዋ ደብተር ሞላሁት።

የተወሰነ

1. የከተራ ዕለት፣ እሑድ ጥር 10፣ 22ቱ እንግዶች ታቦታቱን ተከትለው በእግር ይወርዳሉ። መኪኖቹ ሆቴል ይቆማሉ። ጋሼ «ይዘን ከወጣን መሃል መንገድ ተገትረን ነው የምንውለው» አሉ፤ የተከራከረ የለም።

2. የጥምቀት ዕለት መነሻ ከሌሊቱ 10፡00 ነው። ቦርዱ ላይ «4፡00» የሚለው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ለእንግዶች 4፡00፣ ለሾፌሮች 10፡00 ተብሎ ይነገር። አደራ፣ ይቺ እንዳትምታታ።

3. ፋሲለደስ መዋኛ ስንደርስ ማንንም እንግዳ የእንጨት ርብራብ ላይ አናወጣም። በ2012 ርብራቡ ተደርምሶ ሰው ሞቷል። ፎቶ የሚያነሱትም ቢሆኑ መሬት ላይ ይቆማሉ። ረጅም ጊዜ የወሰደው ይህ ነጥብ ነበር፤ ሲኒየር አስጎብኚው «ከታች ምንም አይታይም» ብሎ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ተስማማ።

4. ለሁሉም እንግዳ ነጠላ በድርጅቱ ወጪ ይገዛል።

ያልተወሰነ

የስሜን ተራሮች ጉዞ በክብ ስለተከበበ ያለቀለት ይመስላል፤ አላለቀም። ከጎኑ ያለው ቁጥር የነዳጅ ግምት ነው እንጂ ዋጋ አይደለም። ለእንግዳ እንዳይነገር።

ማን ምን ይሠራል

- ለነጠላ የሚሆን ገንዘብ ማውጣት፦ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 17።
- 22 ነጠላ ከቅዳሜ ገበያ መግዛት፦ ጁኒየር አስጎብኚዋ፣ እስከ ረቡዕ ታኅሣሥ 22። ደረሰኝ ይምጣ።
- የስሜንን ጉዞ ደባርቅ ደውሎ ማጣራትና መወሰን፦ ሥራ አስኪያጇ፣ እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 17።
- ሆቴሉ ሌሊት ሻይና የሚያዝ ቁርስ እንዲያዘጋጅ መነጋገር፦ እኔ፣ እስከ ዓርብ ጥር 1።
- የትኞቹ መንገዶች ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚዘጉ ትራፊክ ፖሊስ መጠየቅ፦ ጋሼ፣ እስከ ማክሰኞ ጥር 5።
- በዕድሜ ለገፉ እንግዶች መመለሻ ባጃጅ መያዝ፦ ቦርዱ ላይ «እሱ ያየዋል» ብቻ ነው የሚለው። «እሱ» ማን እንደሆነ ዞሬ ጠየቅኩ፤ ሲኒየር አስጎብኚው «እኔ ነኝ» ብሏል። እስከ ዓርብ ጥር 8።

በግራ በኩል ያለችው የበግ ሥዕል አጀንዳ አይደለችም።

ቀጣይ ስብሰባ ማክሰኞ ጥር 5፣ 3፡00 ሰዓት። ስሙ ያላግባብ የገባበት ወይም ቀኑ የማይመቸው እስከ ነገ ማታ ይንገረኝ፤ ከዚያ በኋላ ታትሞ ፋይል ይገባል።