የዓመታዊ መደበኛ ጠቅላላ ጉባኤ ጥሪና አጀንዳ (ረቂቅ)

ረቡዕ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለቦርድ አባላት፦ ከዚህ በታች ያለው ለባለአክሲዮኖች የሚላከው ጥሪ ነው። አርብ መውጣት ስላለበት፣ እርማት ካላችሁ እስከ ነገ ማታ ላኩልኝ። አጀንዳ 4ን ሆን ብዬ አስረዝሜዋለሁ። አምና ጥሪው ላይ በአንድ መስመር አልፎ፣ አዳራሽ ውስጥ ግን የስብሰባውን ግማሽ የበላው እሱ ነበር።

ለኩባንያችን ባለአክሲዮኖች በሙሉ

መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የተጠናቀቀውን የሂሳብ ዓመት የሚመለከተው መደበኛ ጠቅላላ ጉባኤ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ጀምሮ በዋናው መሥሪያ ቤት አንደኛ ፎቅ፣ የስብሰባ አዳራሽ ይካሄዳል። ምዝገባ 2፡00 ይጀመራል፣ 2፡50 ላይ ይዘጋል። እባክዎ መታወቂያዎን ይዘው ይምጡ።

በጉባኤው ድምፅ የሚሰጡት እስከ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ስማቸው በአክሲዮን መዝገብ የሰፈረ ባለአክሲዮኖች ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ጉባኤው እስኪያልቅ የአክሲዮን ዝውውር አይመዘገብም። ለመሸጥም ለመግዛትም የጀመራችሁት ነገር ካለ ከወዲሁ ጨርሱት።

አጀንዳ

1. ምልአተ ጉባኤውን ማረጋገጥ፣ ድምፅ ቆጣሪዎችን መምረጥ፣ አጀንዳውን ማጽደቅ

2. የዳይሬክተሮች ቦርድን ዓመታዊ ሪፖርት ማዳመጥ
ሪፖርቱ ከዚህ ጥሪ ጋር ተያይዟል። ሰብሳቢው ከገጽ እስከ ገጽ አያነቡትም፤ ዋና ዋናውን በ15 ደቂቃ ያቀርባሉ። የቀረው ሰዓት ለእናንተ ጥያቄ ነው።

3. የውጭ ኦዲተሩን ሪፖርት ማዳመጥና የዓመቱን ሂሳብ ማጽደቅ
ኦዲተሩ ያለ ተቃውሞ ፈርሟል። ይሁንና አንድ ነገር ላይ ትኩረት ጠይቋል፤ ከ180 ቀን በላይ ሳይሰበሰብ የቆየ የደንበኞች ዕዳ። ዝርዝሩ በሂሳብ መግለጫው ማብራሪያ 9 ላይ አለ። ከሪፖርቱ ሁሉ አንድ ገጽ ብቻ የማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ያንን ገጽ ያንብብ። የፋይናንስ ኃላፊው በዚሁ ላይ ለሚነሳ ጥያቄ ተዘጋጅተው ይቀርባሉ።

4. የተጣራ ትርፍ አደላደልን መወሰን
ሁለት የውሳኔ ሐሳቦች ቀርበዋል።

*የቦርዱ ሐሳብ (ሀ)፦* "ከዓመቱ የተጣራ ትርፍ 10 በመቶው ወደ መጠባበቂያ ይግባ፤ 35 በመቶው ለባለአክሲዮኖች ይከፋፈል፤ ቀሪው 55 በመቶ ለካርቶን ማሸጊያ ማሽን ግዢ ይያዝ።"

*ከአክሲዮኖች 12 በመቶ ያላቸው ባለአክሲዮኖች ሐሳብ (ለ)፦* "10 በመቶው ወደ መጠባበቂያ ይግባ፤ 60 በመቶው ይከፋፈል፤ 30 በመቶው ይያዝ፤ ለማሽኑ የሚጎድለው በባንክ ብድር ይሸፈን።"

ቦርዱ ሀን ያቀረበው በማሽኑ ምክንያት ነው። ቁጥር 2 ማሽን ባለፈው የሂሳብ ዓመት በድምሩ 61 ቀን ቆሟል። በቆመ ቁጥር ሁለት ትልልቅ ደንበኞች ትእዛዛቸውን ወደ ሌላ አምራች ወስደዋል፤ አንደኛው እስካሁን አልተመለሰም። መለዋወጫው ከገበያ እየጠፋ ነው፣ ጥገናውም ማስታገሻ ብቻ ሆኗል። ብድር መውሰድ አይቻልም ማለት አይደለም፤ ግን ወለዱ ከሚቀጥሉት ዓመታት ትርፍ ላይ ይነሳል።

ለን ያቀረቡት ባለአክሲዮኖችም ምክንያት አላቸው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ክፍፍል አልነበረም። ገንዘባቸውን ያስቀመጡት ከእሱ የሆነ ነገር ለማግኘት ነው። ደግሞም የተያዘ ትርፍ መቼ እና ለምን እንደዋለ በየዓመቱ ሪፖርት ይደረግ ብለው ጠይቀዋል። ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ቦርዱ ተቀብሎታል፤ የትኛውም ሐሳብ ቢያልፍ ተግባራዊ ይሆናል።

መጀመሪያ ሀ ለድምፅ ይቀርባል። አብላጫ ካላገኘ ለ ይከተላል። ሁለቱም ከወደቁ ትርፉ ሳይከፋፈል ይቆያል። ስለዚህ "አንዱም አላስደሰተኝም" ብሎ ሁለቱንም መቃወም ክፍፍሉን ማስቀረት መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉ። የጸደቀው የትርፍ ድርሻ ከጉባኤው በኋላ ባሉት 45 ቀናት ውስጥ በባንክ ሂሳባችሁ ገቢ ይደረጋል። የሂሳብ ቁጥር የቀየራችሁ አሳውቁን።

5. የሥራ ዘመናቸው ባበቃ ሁለት የቦርድ አባላት ምትክ ምርጫ ማካሄድ
ከሰባቱ አባላት ሁለቱ በዚህ ጉባኤ ጊዜያቸውን ይጨርሳሉ። አንዱ በድጋሚ ለመወዳደር ፈቃደኛ ናቸው፤ ሌላዋ አይቀጥሉም። ዕጩ ለመጠቆም የምትፈልጉ የዕጩውን አጭር የሥራ ታሪክና በፊርማ የተደገፈ ፈቃደኝነት እስከ ሰኞ ጥቅምት 3 ድረስ ለኩባንያው ጸሐፊ አስገቡ። አዳራሽ ውስጥ እጅ አውጥቶ መጠቆም አይፈቀድም። ምርጫው በምስጢር ድምፅ ነው።

6. የውጭ ኦዲተር መሾምና ክፍያውን መወሰን
አሁን ያለው ኦዲተር ለአምስት ተከታታይ ዓመታት አገልግሏል። ቅሬታ የለም። ሆኖም የቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ አዲስ ዓይን ያስፈልጋል ብሎ ሦስት ድርጅቶችን በጨረታ አወዳድሯል። አሸናፊው ለጉባኤው ይቀርባል፤ የውድድሩ ውጤት ማጠቃለያም ተያይዟል።

7. የቦርድ አባላት ዓመታዊ አበል
ካለፈው ዓመት ለውጥ የለውም።

8. የጉባኤውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

በአጀንዳው ያልተካተተ
አንድ ባለአክሲዮን የአክሲዮን ሽያጭ ቅድሚያ መብትን የሚመለከተው የመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ እንዲሻሻል ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ደንብ የሚሻሻለው በድንገተኛ ጠቅላላ ጉባኤ ስለሆነ እዚህ ድምፅ አይሰጥበትም። ቦርዱ ረቂቁን አዘጋጅቶ ለብቻው ጥሪ ያደርጋል። "ልዩ ልዩ" የሚል አጀንዳም አልተያዘም፤ ባልተጠራበት ጉዳይ ውሳኔ ማሳለፍ የቀሩትን ሰዎች መብት ይነካል።

ውክልና
መምጣት ካልቻሉ ሰው ይወክሉ። የተያያዘውን የውክልና ቅጽ ሞልተው፣ ፈርመው እስከ ሐሙስ ጥቅምት 13 ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ድረስ ለጸሐፊው ቢሮ ያድርሱ። የቦርድ አባልና የኩባንያው ሠራተኛ ተወካይ መሆን አይችሉም። በቅጹ ላይ ለእያንዳንዱ አጀንዳ "እደግፋለሁ"፣ "እቃወማለሁ" ወይም "በተወካዬ ውሳኔ" የሚል ሣጥን አለ። አጀንዳ 4 ላይ ለሀ እና ለለ ሣጥኑ ለየብቻ ነው። ባዶ የተተወ ሣጥን ድምፀ ተዓቅቦ ሆኖ ይቆጠራል።

ሩቅ ያላችሁ ጉባኤውን በቪዲዮ መከታተል ትችላላችሁ፤ መግቢያው ለጠየቀ ይላካል። ድምፃችሁ የሚቆጠረው ግን በውክልና ብቻ ነው።

ምልአተ ጉባኤ
ከ60,000 አክሲዮኖች ቢያንስ 30,001 በአካል ወይም በውክልና መገኘት አለባቸው። አምና በመጀመሪያው ጥሪ የተገኙት 27,400 ብቻ ስለነበሩ የመጡት ሰዎች ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። ዘንድሮም ካልሞላ፣ ጉባኤው ያለ ሌላ ጥሪ ቅዳሜ ጥቅምት 29 በዚሁ ሰዓትና ቦታ ይካሄዳል፤ ያን ጊዜ በተገኘው ቁጥር ይወሰናል።

የሂሳብ መግለጫው፣ የአክሲዮን መዝገቡና ያለፈው ዓመት ቃለ ጉባኤ ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ሰዓት ጸሐፊው ቢሮ ይታያሉ። በጽሑፍ የሚቀርብ ጥያቄ እስከ ጥቅምት 10 ከደረሰን መልሱን አዘጋጅተን እንጠብቃችኋለን።

በዳይሬክተሮች ቦርድ ትእዛዝ
የኩባንያው ጸሐፊ

አባሪ፦ የቦርድ ሪፖርት፣ የተመረመረ የሂሳብ መግለጫ፣ የኦዲተር ጨረታ ማጠቃለያ፣ የውክልና ቅጽ