በዱባይ የተወለደች ልጄ ልደት እንዲመዘገብልኝ የቀረበ ማመልከቻ

ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅማ

ለኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ጽሕፈት ቤት
ዱባይ

ጉዳዩ፦ የልደት ምዝገባና የልደት ምስክር ወረቀት እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ከድር ነስሩ አባመጫ በጅማ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን በዱባይ በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ከባለቤቴ ከወይዘሮ ሰሚራ ጀማል ሴት ልጃችን ሐናን ከድር ማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በዱባይ ተወልዳለች። ሁለታችንም ኢትዮጵያውያን ስለሆንን ልጃችን በአዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 3 መሠረት በትውልድ ኢትዮጵያዊት ናት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ለልደት ምዝገባ የተሰጠው የ90 ቀን ጊዜ ነሐሴ 12 ቀን የሚሞላ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት እንድትመዘገብልን በትሕትና እንጠይቃለን።

እናቴ ስለታመሙ እኔ ለጊዜው ጅማ እገኛለሁ፤ ሐናን የሚለውን ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ማመልከቻውን ከነሰነዶቹ ባለቤቴ ሕፃኗን ይዛ በአካል ታቀርባለች። ለምዝገባውም ሆነ በኋላ ለልጃችን ፓስፖርት ለማውጣት የእኔ ፈቃድ ቢያስፈልግ፣ እዚህ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ያስመዘገብሁትን ውክልና አያይዣለሁ።

አብረው የቀረቡት፣ በኤሚሬትስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠው የሕፃኗ የልደት ምስክር ወረቀት፣ በ2013 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ የተፈጸመው ጋብቻችን የምስክር ወረቀት፣ የሁለታችን ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የእኔ የልደት ምስክር ወረቀት እንዲሁም የሕፃኗ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፎች ናቸው። ዋናዎቹ ለማመሳከሪያ ይቀርባሉ፤ ቅጂዎቹ በመዝገቡ ይቀመጣሉ።

ልዩ ትኩረት እንዲሰጠው የምለምነው የስሜን አጻጻፍ ነው። ዱባይ የወጣው ሰነድ በዐረብኛ ሲሞላ ስሜ በ«ቃፍ» ፊደል ስለተጻፈ፣ በላቲን ፊደል ያለውም በ«ኬ» ፈንታ በ«ኪው» ወጥቷል። ፓስፖርቴ፣ የመኖሪያ ፈቃዴና የራሴ የልደት ምስክር ወረቀት ግን ሁሉም በ«ኬ» የተጻፉ ናቸው። የአባቷ ስም በሁለት ዓይነት ተጽፎ ከቀረ ልጄ ፓስፖርት ስታወጣም፣ ትምህርት ቤት ስትገባም፣ አባትነቴን ማስረዳት ሊከብደኝ ነው። እባካችሁ፣ የሀገራችን መዝገብ የፓስፖርቴን አጻጻፍ እንዲከተልና ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጠን እጠይቃለሁ። በዱባይ ሰነድ ላይ ያለውን ስህተት ለማረም ለሚመለከተው አካል በተለይ አመልክተናል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን በ120 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ለዚህም ፓስፖርት፣ ለፓስፖርቱም የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። የሚጎድል ሰነድ ካለ ከጅማ አስወጥቼ ለመላክ ጊዜ እንዲኖረኝ፣ ባለቤቴ በምትቀርብበት ዕለት እንዲነገራት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ከድር ነስሩ አባመጫ
(ፊርማ)